መርዙ ወረዳ ደርሷል፤ ማስጠንቀቂያውስ?

በአዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ኦሎምፒያ የቢሮ ሰፈር ናት። ከውጭ የሚገባ የግብርና ኬሚካል ወደ ክልል መጋዘን ከመድረሱ በፊት ወረቀቱ እንደ ኦሎምፒያ ባሉ የመዲናዋ የቢሮ ሰፈሮች ያልፋል። ደረሰኙ፣ የጭነት ሰነዱና የጥራት ምስክር ወረቀቱ ገንዘብና ጉምሩክ ስላለባቸው መስመር በመስመር ይነበባሉ። ከእነርሱ ጋር የሚመጣው የደኅንነት መረጃ ሰነድ ግን ብዙ ገጽ ያለው፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈና ለክፍያ የማይጠየቅ በመሆኑ ፋይል ውስጥ ገብቶ የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው። ኬሚካሉ ወደ ወረዳ ሲጫን፣ እንዴት እንደሚቀመጥና ምን እንደሚያደርስ የሚናገረው ወረቀት አዲስ አበባ ይቀራል።

ሰነዱ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ከዕቃው ጋር ቢላክም ችግሩ በራሱ አይፈታም። ቃል በቃል የተመለሰ ማስጠንቀቂያ በሰዋስው ትክክል ሆኖ ሳለ መጋዘን ሠራተኛውን ሊያሳስት ይችላል። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን በአንድ ምርት ላይ ያሳያል። ምርቱ አርሶ አደሩም የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ሠራተኛውም በሚገባ የሚያውቁት የነቀዝ ክኒን ነው።

የኢራቅ ስንዴ

ያልተነበበ ማስጠንቀቂያ የሚያስከፍለውን ዋጋ በግልጽ ያሳየው በ1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1971 መጨረሻ እና 1972 መጀመሪያ) ኢራቅ ውስጥ የደረሰው አደጋ ነው። አገሪቱ ከድርቅ በኋላ ለዘር የሚሆን ስንዴ በብዛት ከሜክሲኮ አስገባች። ዘሩ እንዳይበላሽ ሜርኩሪ ባለበት ፀረ ሻጋታ ታሽቷል፤ ለመለያም ቀይ ቀለም ተቀብቷል። በጆንያው ላይ የነበረው ማስጠንቀቂያ በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን፣ የራስ ቅልና የአጥንት ሥዕልም ነበረበት። አረብኛ ተናጋሪው ገበሬ ጽሑፉን ማንበብ አልቻለም፤ ሥዕሉም ምንም አልነገረውም።

ዘሩ ለብዙዎቹ የደረሰው የመዝሪያው ጊዜ ካለፈ በኋላ በመሆኑ፣ ቀለሙን በውኃ አጥበው፣ ፈጭተው፣ ዳቦ ጋግረው በሉት። ቀለሙ ሲለቅ መርዙም የለቀቀ መስሏቸው ነበር። ከ6,500 በላይ ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፤ 459ኙ ሆስፒታል ውስጥ መሞታቸው ተመዝግቧል። ማስጠንቀቂያው በጆንያው ላይ ነበረ፤ የጎደለው አንባቢው በሚያውቀው ቋንቋና አነጋገር መጻፉ ነበር።

የዓለም አገሮች የኬሚካል አደጋን በአንድ ዓይነት ሥዕልና ሐረግ እንዲገልጹ የሚያደርገው የተባበሩት መንግሥታት ሥርዓት ከዚያ በኋላ መጥቷል። እያንዳንዱ የአደጋ ሐረግ H በሚል ፊደልና በሦስት አኃዝ፣ እያንዳንዱ የጥንቃቄ ሐረግ ደግሞ P በሚል ፊደልና በሦስት አኃዝ ይታወቃል። የሥርዓቱ መጽሐፍ የሚታተመው በድርጅቱ ስድስት የሥራ ቋንቋዎች ማለትም በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በስፓኒሽ፣ በሩሲያኛ፣ በቻይንኛና በአረብኛ ነው። አማርኛ ከእነዚህ ውስጥ የለም። ስለዚህ ወደ አማርኛ የሚመልሰው ባለሙያ በየሐረጉ የራሱን ውሳኔ ይወስናል።

ከአሥራ ስድስቱ ክፍሎች የትኞቹ?

የደኅንነት መረጃ ሰነድ ምንጊዜም አሥራ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ ቅደም ተከተላቸውም አይለወጥም። ይህ ለተርጓሚው ትልቅ እገዛ ነው፤ የሚፈልገውን በቁጥሩ ያገኘዋል። መጋዘን ሠራተኛው ሁሉንም ማንበብ አይጠበቅበትም። ክፍል 2 አደጋውን፣ ክፍል 4 የመጀመሪያ ዕርዳታን፣ ክፍል 5 እሳት ሲነሳ የሚደረገውን፣ ክፍል 6 ምርቱ ሲፈስ ወይም ሲበተን የሚወሰደውን እርምጃ፣ ክፍል 7 አያያዝና አቀማመጥን ይናገራሉ። መጀመሪያ መተርጎም ያለባቸው እነዚህ አምስቱ ናቸው። ዋናው የእንግሊዝኛ ሰነድ ግን እንዳለ ከዕቃው ጋር መሄድ አለበት። አደጋ ቢደርስ ሐኪሙ የሚፈልገው የኬሚካሉን ትክክለኛ ስምና መጠን በመሆኑ፣ ታማሚው ወደ ጤና ተቋም ሲወሰድ ሰነዱም አብሮ ይወሰዳል።

የነቀዙ ክኒን የኬሚካል ስም አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። በብዙ የንግድ ስሞች ይሸጣል፤ በብዛት 56 በመቶው አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። ክኒኑ ራሱ ነቀዝን አይገድልም። በአየር ውስጥ ያለ እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ነቀዙን የሚገድለው ጋዙ ነው። ይኸው ጋዝ ሰውንም ይገድላል፤ ለይቶ የሚያድን ማርከሻም የለውም።

መጠኑን ለመገመት ቀላል ስሌት እንሥራ። ሦስት ግራም የሚመዝን አንድ ክኒን አንድ ግራም ያህል ጋዝ ይለቃል። አራት ሜትር በአምስት ሜትር ስፋትና ሦስት ሜትር ከፍታ ባለው የተዘጋ የጥበቃ ክፍል ውስጥ ይህ ጋዝ በሙሉ ቢወጣ፣ ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር 12 እጅ የሚሆነው ፎስፊን ይሆናል። በሥራ ቦታ በስፋት የሚሠራበት ገደብ 0.3 እጅ ነው። ከአንድ ክኒን የወጣው ጋዝ ብቻ የገደቡን አርባ እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ውኃ፦ አንድ ሐረግ፣ ብዙ ትርጉም

በዚህ ምርት ሰነድ ክፍል 2 ላይ H260 የሚለው ሐረግ ይገኛል። ቃል በቃል ሲመለስ «ከውኃ ጋር ሲገናኝ በራሳቸው ሊቀጣጠሉ የሚችሉ ተቀጣጣይ ጋዞችን ያመነጫል» ይላል። በአውሮፓ ሰነዶች ላይ ደግሞ EUH029 የሚል ተጨማሪ አለ፤ «ከውኃ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ያመነጫል» ማለት ነው። ሁለቱም አማርኛዎች ስህተት የለባቸውም። ነገር ግን መጋዘን ሠራተኛው «ውኃ» ሲባል የሚያስበው ባልዲ ወይም ቧንቧ ነው፤ ባልዲ ይዞ ወደ ክኒኑ እንደማይሄድ ስለሚያውቅም ማስጠንቀቂያው እርሱን የሚመለከተው አይመስለውም።

መጋዘን ውስጥ ውኃ የሚመጣው በሌላ መልክ ነው። በክረምት የሚያፈስ ቆርቆሮ አለ። እርጥበት የሚያመነጭ የሲሚንቶ ወለል አለ። ያላበው እጅ አለ። አቧራ እንዳይነሳ ከመጠረጉ በፊት የሚረጭ ውኃ አለ። ዝናብ ላይ የተራገፈ ካርቶን አለ። ተርጓሚው ከሐረጉ ቀጥሎ እነዚህን በስም ካልዘረዘራቸው «ውኃ» የሚለው ቃል ብቻውን አያስጠነቅቅም።

ከሁሉም የሚከፋው ከተፈጥሯዊ ልማድ ጋር የሚጋጨው ነው። ሰው መርዝ ሲበተን ማጠብ፣ እሳት ሲነሳ ውኃ መድፋት ይቀናዋል። በዚህ ምርት ላይ ሁለቱም አደጋውን ያባብሳሉ። ታኅሣሥ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 2017) በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት አማሪሎ ከተማ የደረሰው ይህንኑ ያሳያል። ከቤት ሥር ተባይ ለማጥፋት የዚህ ኬሚካል ክኒኖች ተበትነው ነበር። የቤቱ አባወራ ኬሚካሉን ለማጠብ ውኃ ረጨበት። ውኃው ጋዙን በአንድ ጊዜ አስለቀቀው፤ ጋዙም ወደ ቤት ገብቶ የአንድ ቤተሰብ አራት ልጆች ሞቱ። ምርቱ የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ነበረው፤ ቦታውም እንግሊዝኛ የሚነገርበት አገር ነው።

ስለዚህ በአማርኛው ሰነድ የእሳትና የመበተን ክፍሎች ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው የሚከለከለው ነገር መሆን አለበት፦ «በውኃ ማጠብ ክልክል ነው። እሳት ቢነሳ ውኃ መድፋት ክልክል ነው።» ከዚያ ምን እንደሚደረግ ይጻፋል፦ «እሳቱ በደረቅ አሸዋ፣ በደረቅ ዱቄት ወይም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ ይጠፋል።» አሸዋው ደረቅ መሆኑም መጻፍ አለበት፤ ከውጭ የተዛቀ እርጥብ አሸዋ ራሱ ውኃ ነውና።

እዚህ ላይ ተርጓሚውን ግራ የሚያጋባ ሌላ ሐረግ አለ። የመጀመሪያ ዕርዳታው የኬሚካሉ ብናኝ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ብናኙ እንዲራገፍ፣ ከዚያም ቆዳው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እንዲነከር ያዛል። ውኃ ክልክል ነው ያለው ሰነድ ውኃ ተጠቀሙ ሲል የተጋጨ ይመስላል፤ ነገር ግን አልተጋጨም። ምስጢሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በደረቁ ከተራገፈ በኋላ ቆዳ ላይ የሚቀረው ትንሽ ነው፤ ያንን ብዙ ውኃ ያቀዘቅዘዋል፣ ያስወግደዋልም። ሳይራገፍ ውኃ ከነካው ግን ጋዝና ሙቀት ቆዳው ላይ ይፈጠራል። በአማርኛው «1ኛ፦ ከሰዎች ራቅ ብሎ ደጅ ላይ በደረቁ ማራገፍ። 2ኛ፦ ከዚያ በኋላ ብቻ በብዙ ቀዝቃዛ ውኃ» ተብሎ በቁጥር ሲለይ ችግሩ ይፈታል።

አማርኛው ራሱ የሚያስቀምጣቸው እንቅፋቶች

የመጀመሪያው «መድኃኒት» የሚለው ቃል ነው። በአገራችን አነጋገር ፀረ ተባይ ሁሉ መድኃኒት ይባላል፤ የነቀዝ መድኃኒት፣ የአረም መድኃኒት እንላለን። በዚህ ላይ «ክኒን» ሲጨመርበት ዕቃው ከጤና ጣቢያ የመጣ ይመስላል። በገበያና በስብሰባ አነጋገሩን መለወጥ ይከብድ ይሆናል። በመጋዘን ሰነድና በመደርደሪያው ላይ ግን «መርዝ» መባል አለበት፦ «የነቀዝ ማጥፊያ መርዝ»። አንድ ቃል መለወጡ ዕቃው ከእህልና ከምግብ ተለይቶ እንዲቀመጥ ከሚያዘው አንቀጽ ያልተናነሰ ሥራ ይሠራል።

ሁለተኛው የአደጋው ደረጃ ነው። ሰነዶቹ የሚገድል፣ መርዛማ የሆነና ጉዳት የሚያደርስ እያሉ ይለያሉ። ልዩነቱ የሚያማምር አነጋገር ሳይሆን የመጠን ጉዳይ ነው፤ የመጀመሪያው በጣም በትንሹ የሚገድለውን ይመለከታል። በአሉሚኒየም ፎስፋይድ ላይ H300 «ቢዋጥ ይገድላል»፣ H330 «ጋዙ ወደ ውስጥ ቢሳብ ይገድላል»፣ H311 ደግሞ «ከቆዳ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ነው» ይላሉ። ሦስቱንም «ለጤና ጎጂ ነው» ብሎ የመለሰ ተርጓሚ መርዙን ከሲጋራ ጋር እኩል አድርጎታል። «ይገድላል» የሚለው ቃል ለጆሮ ቢከብድም መለስለስ የለበትም። የደረጃ ቃሉም እንዲሁ ነው፤ ከሥዕሉ አጠገብ ያለው ቃል ከባዱ ሲሆን «አደገኛ!»፣ ቀለል ያለው ሲሆን «ጥንቃቄ!» ተብለው በሁሉም ሰነድ ላይ ሳይቀያየሩ መጻፍ አለባቸው።

ሦስተኛው «አይተንፍሱ» የሚለው ነው። በአማርኛ መተንፈስ ማስገባትንም ማስወጣትንም ያጠቃልላል። «ጋዙን አይተንፍሱ» የሚለውን ያነበበ ሰው ትንፋሹን ይዞ ቶሎ ገብቶ መውጣት የሚያድነው ሊመስለው ይችላል። ሰነዱ የፈለገው «ጋዙ ወዳለበት አትግቡ» ማለት ነው። ከዚሁ ጋር የሚያያዘው መከላከያው ነው። የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ሲባል ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ሁሉም የሚያስበው የጨርቁን ማስክ ነው። ጨርቅ ፎስፊንን አያስቀርም። በአማርኛው ላይ «ለፎስፊን የተሠራ የጋዝ ማጣሪያ ያለው ሙሉ የፊት ጭምብል፤ የጨርቅ ማስክ አይከላከልም» ተብሎ ካልተጻፈ ሠራተኛው ትእዛዙን ፈጸምኩ ብሎ ወደ ጋዝ ይገባል።

አራተኛው የዓረፍተ ነገራችን አሠራር ነው። በአማርኛ እንቢታ የሚመጣው በማሠሪያው ግስ ላይ፣ መጨረሻ ላይ ነው። «በሚፈስበት ጊዜ አካባቢውን በውኃ ለማጽዳት አይሞክሩ» የሚለውን ቀስ ብሎ የሚያነብ ወይም መጨረሻው የተቀደደበት ወረቀት የያዘ ሰው «አካባቢውን በውኃ ለማጽዳት» እስከሚለው ድረስ ያነባል። የተቀረው ከጠፋ ክልከላው ትእዛዝ ይሆናል። መፍትሔው ዓረፍተ ነገሩን ማሳጠር ነው፤ ክልከላው ከአምስት ወይም ከስድስት ቃል አይብለጥ፤ ከፊቱም በቀይ «ክልክል!» ተብሎ ይጻፍ።

«ቀዝቃዛና አየር ያለበት ቦታ» የት ነው?

ክፍል 7 አቀማመጥን ሲያዝ ምርቱ ደረቅ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ አየር የሚዘዋወርበትና የተቆለፈ ቦታ እንዲቀመጥ ይላል። በጥንቃቄ ሐረጎቹ ላይ P402 ደረቅ ቦታን፣ P404 የተዘጋ ዕቃን፣ P405 ቁልፍን ያዛሉ። አራት ቃላት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ግን መጋዘን ውስጥ የሚታይ ነገር መሆን አለባቸው።

«ቀዝቃዛ ቦታ» የሚለውን የሰማ ሠራተኛ ቀዝቃዛውን ይፈልጋል። መጋዘን ውስጥ ቀዝቃዛው ደግሞ የታችኛው ጥግ፣ የሲሚንቶው ወለል፣ ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ሥር ነው። ያ ቦታ እርጥበት የሚበዛበት ነው። ሙቀትን እንዲሸሽ የተጻፈ ቃል ወደ እርጥበት መራው ማለት ነው። «ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት፣ ከቆርቆሮው ሙቀት የራቀ፣ ከወለል ከፍ ብሎ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ፈቀቅ ብሎ» ሲባል ግን ቦታው በእጅ ይጠቆማል።

«አየር የሚዘዋወርበት» የሚለው ደግሞ አየሩ ወዴት እንደሚወጣ ማሰብን ይጠይቃል። ፎስፊን ከአየር ትንሽ ይከብዳል፤ ስለዚህ በላይኛው መስኮት ብቻ ይወጣል ብሎ መተማመን አይቻልም። መስኮቱ የጥበቃ ሠራተኛው ወደሚያድርበት ክፍል የሚከፈት ከሆነ ማናፈሻው ጋዙን ወደ ሰው ያደርሰዋል። የጥበቃ ሠራተኛ ከመጋዘኑ ጋር ግድግዳ በሚጋራ ክፍል የሚያድር ከሆነ ወይም ዝናብ ሲበረታ ውስጥ ገብቶ የሚተኛ ከሆነ ይህ ሐረግ ከሁሉ በፊት የሚመለከተው እርሱን ነው። በአማርኛው ላይ «መርዙ ባለበት ቤትም ሆነ ግድግዳ በሚጋራ ክፍል ሰው አያድርም» የሚል መስመር መግባት አለበት። የሰነዱ ደራሲ መጋዘን ውስጥ ሰው ይተኛል ብሎ ስላላሰበ በእንግሊዝኛው ላይ ላይገኝ ይችላል።

ሽታውን በተመለከተም ጥንቃቄ ያሻል። ሰነዶቹ የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ሽታ አለው ይላሉ። ሽታው ከተሰማ መውጣት ተገቢ ነው። ሽታ አለመኖሩ ግን ጋዝ አለመኖሩን አያረጋግጥም፤ ምክንያቱም የሚሸተው በአብዛኛው ከጋዙ ጋር የሚወጣው ቆሻሻ እንጂ ፎስፊኑ ራሱ አይደለም። «ሽታ ካለ ውጡ» የሚለው ብቻ ከተጻፈ አንባቢው «ሽታ ከሌለ ግቡ» ብሎ ይተረጉመዋል።

የቀን አቆጣጠር ወጥመድ

ከቃላቱ ሁሉ በላይ በቀላሉ የሚያሳስተው ቁጥሩ ነው። ቆርቆሮው ላይ የመጠቀሚያ ጊዜው ማብቂያ 06/2022 ተብሎ ታትሟል እንበል። ይህ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሰኔ 2022፣ በእኛ ሰኔ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የሚያበቃ ማለት ነው። በ2018 ዓ.ም. ቆጠራ የሚያደርግ ሠራተኛ ግን የካቲት 2022 ብሎ ካነበበው ገና አራት ዓመት የቀረው ዕቃ ይመስለዋል። ጊዜው ካለፈ ሦስት ዓመት አልፎታል። ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት በመሆኑ ስህተቱ ያረጀን መርዝ አዲስ ያስመስላል።

በዚህ ምርት ላይ እርጅና የሚያመጣው መዳከምን ብቻ አይደለም። ክዳኑ ከላላ ወይም ቆርቆሮው ከዛገ እርጥበት ገብቶ ጋዝ ውስጡ ይጠራቀማል። ፎስፊን ከአየሩ 1.8 በመቶ ያህል ሲደርስ መቀጣጠል ይችላል፤ ስለዚህ ያረጀ ቆርቆሮ ሲከፈት ብልጭ ብሎ ሊነድ ይችላል። ያበጠ፣ የዛገ ወይም ክዳኑ ዙሪያ ግራጫማ ዱቄት የታየበት ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ አይከፈትም፤ ለወረዳው የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ ይነገራል። ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ሲከማች ሸክሙ የአገር እንደሚሆን ኢትዮጵያ አይታለች፤ የተከማቸውን ወደ ፊንላንድ ልካ እንዲቃጠል እስከማድረግ ደርሳለች።

መፍትሔው ዕቃው መጋዘን በገባበት ዕለት የሚሠራ ነው። ተቀባዩ የማብቂያውን ቀን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለውጦ በማይለቅ ቀለም ካርቶኑ ላይ ይጽፋል፤ ከጎኑም «ዓ.ም.» ብሎ ያስቀምጣል። ገቢ ደረሰኙ ላይም ያው ቀን ይሰፍራል።

ትርጉሙ መሥራቱ እንዴት ይታወቃል?

ጥሩ ትርጉም በአንድ ሰው አይሠራም። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ኬሚካሉን፣ ኬሚካሉን የሚያውቅ ደግሞ የመጋዘኑን አሠራር ላያውቅ ይችላል። ቢያንስ ተርጓሚው፣ የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያውና መጋዘን ሠራተኛው አብረው መቀመጥ አለባቸው። የመጨረሻውን ቃል የመምረጥ ዕድል የሚሰጠውም ለመጋዘን ሠራተኛው ነው።

ከዚያ ሁለት ፈተናዎች አሉ። የመጀመሪያው መልሶ መተርጎም ነው። እንግሊዝኛውን ያላየ ሌላ ሰው አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፤ የተመለሰው ከዋናው ጋር ይነጻጸራል። «ይገድላል» የነበረው «ይጎዳል» ሆኖ ከተመለሰ ቦታው ይታወቃል። ሁለተኛው ፈተና ከዚህ ይበልጣል። ሠራተኛው ወረቀቱን ካነበበ በኋላ ገባህ ወይም ገባሽ ተብሎ አይጠየቅም፤ የሁሉም መልስ አዎ ነውና። ይልቁንም «አንድ ቆርቆሮ ወድቆ ክኒኑ ወለሉ ላይ ቢበተን መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ? አሳየኝ» ይባላል። መጥረጊያና ባልዲ ካነሳ ስህተቱ የእርሱ ሳይሆን የወረቀቱ ነው፤ መስመሩ እንደገና ይጻፋል።

ማንበብ የማይችሉ ጫኝና አውራጆችም አሉ። በክልላችንም አዊኛ፣ ኽምጣንኛ ወይም ኦሮምኛ ይበልጥ የሚቀላቸው ሠራተኞች ያሉባቸው መጋዘኖች አሉ። ለእነዚህ አማርኛው ወረቀት መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ በሚሰሙት ቋንቋ በቃል ይነገራል፣ ሥዕሎቹም አንድ በአንድ ይብራራሉ። የኢራቁ የራስ ቅል ሥዕል እንዳሳየው ሥዕልም ትርጉም ይፈልጋል።

ይህ በጎ ፈቃድ ብቻ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኞች በሥራቸው ላይ ስላለው አደጋ ተገቢው መመሪያና ማሳወቂያ እንዲደርሳቸው የማድረግን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ሠራተኛው በማይረዳው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት መስጠት ማሳወቅ ሊባል አይችልም። ስለዚህ ወረዳው ወይም ዩኒየኑ ከአስመጪው ዕቃ ሲረከብ የደኅንነት መረጃ ሰነዱን እንደ ደረሰኙ ሁሉ መጠየቅ፣ ሳይመጣ ሲቀርም በርክክብ ሰነዱ ላይ «አልተሟላም» ብሎ መመዝገብ ይችላል። ወረቀቱ ከኦሎምፒያ የሚወጣው ሲጠየቅ ነው።

በመጋዘኑ በር ላይ የሚለጠፍ

ከላይ የተባሉት ሁሉ ታስበው የነቀዙ ክኒን ሰነድ ወደ አንድ ገጽ ሲጠቃለል የሚከተለውን ይመስላል። ወረዳዎችና ማኅበራት ከእጃቸው ካለው ምርት ሰነድ ጋር አመሳክረው፣ በዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ አስገምግመው ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

አደገኛ! የነቀዝ ማጥፊያ መርዝ (አሉሚኒየም ፎስፋይድ)

- ቢዋጥ ይገድላል። ጋዙ ወደ ውስጥ ቢሳብ ይገድላል።
- ውኃ፣ ዝናብ፣ እርጥብ ወለል ወይም ላብ ሲነካው የሚገድል ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙ በራሱ ሊነድ ይችላል።
- ክልክል! በውኃ ማጠብ።
- ክልክል! እሳት ቢነሳ ውኃ መድፋት። በደረቅ አሸዋ ወይም በደረቅ ዱቄት ማጥፊያ ይጠፋል።
- ክልክል! እዚህም ሆነ ግድግዳ በሚጋራ ክፍል ማደር።
- ክልክል! ከእህል፣ ከዱቄትና ከመኖ ጋር ማስቀመጥ።
- ከወለል ከፍ ብሎ ርብራብ ላይ፣ ቆርቆሮ በማያፈስበትና ፀሐይ በማያርፍበት ቦታ ይቀመጣል። በሩ ይቆለፋል።
- ቢበተን፦ ሰው ሁሉ ይወጣል፤ በር ይከፈታል፤ ባለሙያ ይጠራል። የጨርቅ ማስክ አይከላከልም።
- የነጭ ሽንኩርት ሽታ ቢሰማ ወዲያው ውጡ። ሽታ ባይኖርም ጋዝ ሊኖር ይችላል።
- ብናኙ ቆዳ ቢነካ፦ 1ኛ ደጅ ወጥቶ በደረቁ ማራገፍ፤ 2ኛ ከዚያ በኋላ በብዙ ቀዝቃዛ ውኃ።
- ማንም ሰው ቢታመም ወደ ንጹሕ አየር ይወጣል፤ ከዚህ ሰነድ ጋር ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።
- የመጠቀሚያ ጊዜው የሚያበቃው፦ ____ ቀን ____ ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር)